ያቺ ደቂቃ ስልኩ በማን እጅ ነበር? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ኮዱን በገዛ እጇ ሰጠች። ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ጠለፋ? ሃከር ማለት ሲስተም ሰብሮ የሚገባ ነው። ይህ ሞኝነት እንጂ ወንጀል አይደለም።»

የቴሌግራም አካውንታቸው ስለሚጠለፍባቸው ሰዎች የተጻፈውን ይህን ጽሑፍ የላከልኝ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ከሥሩ «አቦ፣ ይሄን ሰውዬ አንድ በለው!» ብሎ ጽፎበታል። እኔ ድሬዳዋ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ከዚራ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ሻይ ይዤ አነበብኩት። ጸሐፊውን አላውቀውም። ክፋት ያለው ሰውም አይመስለኝም። ግን የጻፈውን አምኖ የሚከተል ሰው ብሩንም ማስረጃውንም ያጣል። ስለዚህ የእሱን ቃል በጥቅስ እያስቀመጥኩ ነጥብ በነጥብ ልመልስለት።

ቆጣሪ አንባቢ ነኝ ብሎ ቤትህ የገባን ሰው አስብ። በሩን የከፈትክለት አንተ ነህ። ቆጣሪውን ትቶ መኝታ ቤት ገብቶ ሳጥንህን ሲበረብር ብታገኘው «እኔው ነኝ የከፈትኩለት» ብለህ ትተወዋለህ? የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3ም የሚጠይቀው በሩ እንዴት እንደተከፈተ አይደለም። የሚጠይቀው ፈቃድ ነበረ ወይ ነው። ያለ ፈቃድ፣ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ፣ ሆን ብሎ የሰው ሲስተም ወይም ዳታ ውስጥ መግባት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሕጉ «ሕገ ወጥ ደራሽነት» ይለዋል። ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ነው። አንድ ብር ባይሰረቅም።

አንድ ጉዳይ ይዤ ልቀጥል። ባለጉዳይዋ እንዳትታወቅ አንዳንድ ዝርዝር ቀያይሬያለሁ። ሳቢያን አካባቢ የምትኖር፣ በቴሌግራም ልብስ የምትሸጥ ሴት ናት። ቀኑ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017፣ የቁልቢ ዋዜማ። ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል። ከጓደኛዋ አካውንት መልእክት መጣላት፤ «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ነች፣ ድምፅ ስጪልኝ» የሚል፣ ከሥሩ ሊንክ ያለው። የጓደኛዋ አካውንት ራሱ ቀድሞ ተጠልፎ ነበር። ይህን አላወቀችም። ሊንኩ ስልክ ቁጥሯን ጠየቃት፣ ሰጠች። ወዲያው በቴሌግራም አምስት አሃዝ ያለው ኮድ መጣላት። ገጹ «ድምፅዎን ለማረጋገጥ ኮዱን ያስገቡ» አላት፣ አስገባች።

የሆነው ይህ ነው። ሌባው በራሱ ስልክ ላይ የእሷን ቁጥር አስገብቶ እየጠበቀ ነበር። ኮዱ የመጣላት ለዚያ ነው። እሷ ድምፅ የሰጠች መስሏት የጻፈችውን እሱ ወዲያው ጻፈውና ገባ። ሁለተኛ የይለፍ ቃል አላስቀመጠችም ነበር፤ ብታስቀምጥ ኮዱ ብቻውን አያስገባውም።

ከዚያ ለምታውቃቸው ሁሉ በእሷ ስም ጻፈ። «ቁልቢ መንገድ ላይ ነኝ፣ መኪና ተበላሽቶብናል፣ በዚህ ቁጥር ቴሌብር አድርጉልኝ፣ ነገ ጠዋት እመልሳለሁ።» በዚያ ምሽት ይህን የማያምን ድሬ ውስጥ ማን አለ? ሌላ ጓደኛዋ 8 ሺህ ብር ላከች። ሐረር ያሉት አክስቷ 12 ሺህ ላኩ። የድሮ የሥራ ባልደረባዋ 5 ሺህ። በድምሩ 25 ሺህ ብር።

እዚህ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ድርጊቶች አሉ። አካውንቱ ውስጥ መግባቱ አንቀጽ 3 ነው። የእሷን የኤሌክትሮኒክ ማንነት ያለ ፈቃዷ መያዙ አንቀጽ 11 ነው። በሐሰት እሷን መስሎ ሰዎቹን ብር ማስላኩ አንቀጽ 10 ነው፤ እሱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስከትላል። ልብ በል፣ በአንቀጽ 10 ብሩን ያጡት ተበዳዮች ሦስቱ ላኪዎች ናቸው። እሷ ብቻ አቤቱታ አቅርባ እነሱ ዝም ቢሉ መዝገቡ ግማሽ ጎኑ ባዶ ነው። አክስቷን ከሐረር ቀርበው ቃል እንዲሰጡ ለማግባባት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል። «የልጄን ስም ፖሊስ ጣቢያ አላስጠራም» ብለው።

«ቴሌብር በስም የተመዘገበ ነው። ፖሊስ የተቀባዩን ስም አይቶ ሄዶ መያዝ ብቻ ነው ሥራው።»

ስሙ ተገኝቷል። አክስቷም ገና ሲልኩ አይተውታል፤ የማያውቋት ሴት ስም ነው። «የሹፌሩ ሚስት ትሆናለች» ብለው አለፉት።

ሴትዮዋ አሸዋ አካባቢ ጉልት ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ሆና ተገኘች። ከወር በፊት አንድ ልጅ «መታወቂያዬ ጠፍቶብኝ ነው፣ በስምሽ ሲም አውጪልኝ» ብሎ 200 ብር ሰጥቷታል። አወጣችለት። ቴሌብሩንም እሱው ከፈተው። ልጁን ስሙንም ሰፈሩንም አታውቅም። ጸሐፊው እንዳለው ሄዶ መያዝ ቢሆን ኖሮ የምትታሰረው እሷ ነበረች። ሲም አውጥቶ ለሌላ መስጠት ጥፋት ነው፣ አልከራከርም። ግን በማታለል ተካፋይ ለማለት ዐቃቤ ሕግ ለምን እንደሚውል ማወቋን ማስረዳት አለበት።

ስሙ ካላደረሰ ምን ያደርሳል? መጀመሪያ የብሩ መንገድ። እያንዳንዱ ዝውውር የግብይት ቁጥር አለው፣ ለላኪው በሚመጣው አጭር መልእክት ላይ ተጽፏል። መርማሪው በዚያ ቁጥር የተቀባዩን ሒሳብ እንቅስቃሴ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስወጣል። የጓደኛዋ 8 ሺህና የአክስቷ 12 ሺህ በደረሱ በደቂቃዎች ውስጥ ከሁለት ወኪሎች በጥሬው ወጥተዋል። ብር የሚወጣበት ወኪል መለያ አለው፣ ስለዚህ ሱቁ ይታወቃል። ከሱቁ ፊት ለፊት ካሜራ ያለው ጎረቤት ካለ ደግሞ እድል ነው። በእኛ ጉዳይ ካሜራ ነበረ፤ ግን መርማሪው እስኪደርስ በላዩ ላይ ሌላ ተቀርጾበት ነበር። ባልደረባዋ ግን ልኮ ወዲያው ተጠራጠረና ደወለላት። እሷም በሰዓቱ ወደ አገልግሎት ሰጪው ደወለች። የእሱ 5 ሺህ ብር ሳይወጣ ተያዘ። ከ25 ሺህ የተረፈው እሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛውና ዋናው መንገድ ስልኩ ራሱ ነው። ሲም ይጣላል፤ ስልክ ግን በብር የተገዛ ዕቃ ስለሆነ ሰው አይጥለውም። እያንዳንዱ ስልክ 15 አሃዝ ያለው መለያ አለው። `*#06#` ብትጽፍ የአንተን ታየዋለህ። ሲም ስልክ ውስጥ ገብቶ ከኔትወርኩ ጋር ሲገናኝ የሲሙም የስልኩም ቁጥር አብረው ይመዘገባሉ። ስለዚህ መርማሪው «ይህ ሲም የማን ነው?» ብሎ አይቆምም። «ይህ ሲም በየትኛው ስልክ ውስጥ ነበር? በዚያ ስልክ ውስጥስ ከዚያ በፊት የማን ሲም ነበር?» ብሎ ይጠይቃል።

በእኛ ጉዳይ የጉልቷ ሴት ሲም ታኅሣሥ 18 ማታ የነበረበት ስልክ፣ አንድ ሲም ብቻ የሚይዝ አሮጌ ስልክ ነው። በኅዳር ወር ሙሉ የአንድ ወጣት ሲም ነበረበት። እሱ ሲም ደግሞ በትክክል በራሱ መታወቂያ የወጣ ነው።

አሁን ሄዶ መያዝ ነው? ተያዘ። ምን አለ መሰላችሁ? «ስልኩን ታኅሣሥ 5 ታይዋን ሸጬዋለሁ። ማን እንደገዛኝ አላውቅም።» ታይዋን የሚባለውን የድሬዳዋ ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህ መልስ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባዋል። እዚያ በቀን ስንት ያገለገለ ስልክ ነው ያለ ደረሰኝ እጅ የሚለውጠው? እኔ ራሴ የእሱ ጠበቃ ብሆን ይህንኑ ነበር የምከራከረው። በዚያ ላይ የርካሽ ስልኮች መለያ ቁጥር ሊቀየር ወይም ሁለት ስልክ አንድ ቁጥር ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ይህን መለየት የሚቻለው አንዱ ቁጥር በተመሳሳይ ደቂቃ ሁለት ተራርቀው ያሉ ታወሮች ላይ ታይቶ እንደሆነ በማየት ነው። በእኛ ጉዳይ እንዲያ አልነበረም። ግን የኅዳሩ መረጃ የሚናገረው ስለ ኅዳር ነው። በታኅሣሥ 18 ስልኩ በማን እጅ እንደነበር አይናገርም። መዝገቡ እዚህ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ።

«አይፒ አድራሻ እንደ ቤት ቁጥር ነው። ቴሌግራም እሱን ከሰጠ ሌባው በር ላይ ትደርሳለህ።»

የቤት ቁጥር ሳይሆን የባቡር ጣቢያ ብትለው ይሻላል። በአንድ በር ሕዝብ ይገባል፣ ይወጣል። በሞባይል ዳታ ስትጠቀም ኔትወርኩ አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ስልኮች በአንድ ጊዜ ያካፍላል። አንዱን ከሌላው የሚለየው ለእያንዳንዱ ግንኙነት በሚሰጥ የወደብ ቁጥርና በሰዓት ነው። ስለዚህ አይፒው ብቻ ተጽፎ ወደ ቴሌኮም ቢሄድ የሚመጣው መልስ የብዙ ሰው ስም ዝርዝር ነው፣ ወይም ምንም ነው። አይፒው፣ የወደብ ቁጥሩና እስከ ሰከንድ የደረሰ ሰዓት ሲኖር ነው አንድ ሲም ላይ የሚደረሰው። ሲሙ ደግሞ የጉልቷ ሴት ቢሆን ተመልሰህ እዚያው ነህ።

ቴሌግራም ይሰጣል ወይ? እስከ 2024 አጋማሽ ድረስ ፖሊሲው መረጃ የሚሰጠው በሽብር ጉዳይ ብቻ እንደሆነ ይናገር ነበር። በመስከረም 2024፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ቀይሮት በሕጋዊ የፍርድ ቤት ትእዛዝ በሌላም ወንጀል አይፒና ስልክ ቁጥር ሊሰጥ እንደሚችል ጻፈ። ጥያቄው ግን ከአገር ወደ አገር የሚሄድ ስለሆነ ጊዜ ይበላል። እኛ ክሱ እስኪመሠረት መልስ አልደረሰንም። ክሱ የቆመው እዚሁ አገር ውስጥ ባለ መዝገብ ነው።

«ስክሪንሹት አንሺ፣ አካውንቱን አጥፊ፣ ተገላገዪ።»

ከጽሑፉ ሁሉ ያናደደኝ ይሄ ነው። አካውንቱን ስታጠፊ የሌባው ዱካም አብሮ ይጠፋል።

አዲስ ስልክ አካውንትሽ ውስጥ ሲገባ ቴሌግራም ራሱ መልእክት ይልክልሻል። በየትኛው የስልክ ዓይነት እንደተገባ፣ ከየት አካባቢ እንደሆነ፣ ቀኑና ሰዓቱ እስከ ሰከንድ ተጽፎበታል። አካባቢው ከአይፒው የተገመተ ስለሆነ ብዙ አትመኚው። ሰዓቱ ግን ወርቅ ነው። ሌባው ይህን መልእክት ስለሚያውቀው ለማጥፋት ይቸኩላል። እሷ ዕድለኛ ነበረች፤ ሳያጠፋው በእህቷ ስልክ ፎቶ አነሳችው። በራሷ ስልክ ስክሪንሹት ከማንሳት ይህ ይሻላል፤ ስልኳ ቢጠፋም አይጠፋም። ቀጥሎ `Settings > Devices` ውስጥ ገብታ የእሱን ስልክ ከነዝርዝሩ ፎቶ አነሳች። ከዚያ በኋላ ነው ያስወጣችው። ማስወጣት የቻለችው አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን ወዲያው ማባረር ስለማይችል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የባለቤቷ ናቸው።

ስክሪንሹት ጥፋቱ ምንድን ነው? ሰው የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ቃሉን ብቻ ነው። ከላይ ያለው የላኪው መለያ ተቆርጧል፤ ቀኑ የለም፣ «ዛሬ» ነው የሚለው። የተጠቃሚ ስም ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ይቀየራል። ዳኛ ፊት «ይሄን ማን ጻፈው?» ሲባል መልስ ይጠፋል። መልእክቱ ያለበት ስልክ ራሱ ግን ለምርመራ ይቀርባል። ሦስቱ ላኪዎችም የየራሳቸውን ስልክ ይዘው መቅረብ ነበረባቸው። ጓደኛዋ በንዴት ቻቱን አጥፍታው ስለነበር ከእሷ የተረፈው የግብይት መልእክቱ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ሰዓት ትንሽ ልቆይ፤ እኛ አገር ብዙ መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ነው። አቤቱታዋን ስታመጣልኝ እንዲህ ይላል፤ «በ18/4/2017 ከምሽቱ 2፡12 ላይ አካውንቴ ተጠለፈ።» ለኛ ግልጽ ነው። ውጭ አገር ላለ ኩባንያ ግን ይህ ሚያዝያ 2017 በፈረንጆች ነው፤ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ። ሰዓቱም በነሱ ከሌሊቱ ሁለት፣ በኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይመስላል። የቴሌግራሙ መልእክት ላይ ያለው ደግሞ `27/12/2024 17:12:40 UTC` ነው። ሁለቱ አንድ ደቂቃ መሆናቸውን በወረቀቱ ላይ ማሳየት የግድ ነው። የእኛ ምሽት 2፡12 በፈረንጅ ሰዓት 20፡12 ነው። እኛ UTC ከሚባለው የዓለም መነሻ ሰዓት በሦስት ሰዓት ስለምንቀድም ሦስት ሲቀነስ 17፡12 ይሆናል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲሆን ይብሳል። እኛ «ዓርብ ሌሊት 7 ሰዓት» ስንል በፈረንጅ ቀኑ ቅዳሜ ገብቷል፤ በመነሻው ሰዓት ደግሞ ገና ዓርብ ነው። የአንድ ሰዓት ስህተት ይዞ ወደ ቴሌኮም የሄደ ደብዳቤ የሌላ ንጹሕ ሰው ስም ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ አቤቱታውን በሦስቱም አቆጣጠር ጻፍነው።

ፍጥነቱም ነገር ነው። አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጡ ያዛል። መርማሪው ደግሞ ሊጠፋ የሚችል ዳታ ለሦስት ወር ተጠብቆ እንዲቆይ በጽሑፍ ማዘዝ ይችላል። ግን የጎረቤት ካሜራ ዓመት አይጠብቅም፤ አየነው እኮ። ምርመራውን ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ አብረው ነው የሚያካሂዱት፣ የሚመራው ዐቃቤ ሕግ ነው። ክሱ የሚታየው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

«ማስፈራሪያው ባዶ ወሬ ነው። ብሎክ ማድረግ ይበቃል።»

ካስወጣችው በኋላ ሌባው አልተዋትም። ገብቶ በነበረባቸው ደቂቃዎች ከቻቶቿ ፎቶዎች ወስዷል። ከሌላ አካውንት መጻፍ ጀመረ። «20 ሺህ ካልላክሽ ለቤተሰብሽ እልከዋለሁ።» በሁለተኛው ቀን ደገመ። በሦስተኛው የእናቷን ስም ጠርቶ ጻፈ።

አዋጁ አንቀጽ 13 ላይ ስለ ተበዳይ ወይም ስለ ቤተሰቧ መረጃ በመላክ ወይም ደጋግሞ በማስተላለፍ ፍርሃት ወይም የሥነ ልቦና ጫና መፍጠርን እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ሲከብድ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣበታል። «ባዶ ወሬ» የተባለው ነገር ከጠለፋው የበለጠ ሊያስቀጣ ይችላል ማለት ነው። መደጋገሙ የሚታየው ደግሞ በመልእክቶቹ ነው። ብሎክ ያደረገ ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አያይም። እኔ የነገርኳት የስልኩን ድምፅ እንድታጠፋ፣ እንዳትመልስ፣ መልእክቶቹን ግን እንዳትሰርዝ ነው። ቀላል ምክር አይደለም፤ እንቅልፍ አጥታለች። ስልኩን እህቷ ዘንድ አስቀመጥነው፣ መልእክት ሲመጣ እህቷ ፎቶ ታነሳለች። ብሎክ ማድረግ የሚሻላት ሴት ካለች፣ ታድርግ፤ ግን መጀመሪያ ያለውን ሁሉ ታስቀምጥ።

በቴሌግራም መልስ ሲያጣ ተናደደ። ታኅሣሥ 25 ማታ 4 ሰዓት ከ2 ላይ በመደበኛ አጭር መልእክት ላከላት፣ በዚያው በጉልቷ ሴት ሲም። «አይተሽ ዝም አልሽ አይደል?» ይላል። ቴሌግራም ውጭ አገር ነው። አጭር መልእክት ግን እዚሁ ኔትወርክ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ ከስልኩ መለያና ከታወሩ ጋር ይመዘገባል። መርማሪው በአዲስ ትእዛዝ የዚያን ማታ መዝገብ አስወጣ። መልእክቱ የተላከው ታኅሣሥ 5 ታይዋን ተሸጠ ከተባለው ከዚያው ስልክ ነው። ከሰባት ደቂቃ በኋላ፣ 4 ሰዓት ከ9 ላይ፣ ያ ሲም ወጥቶ የወጣቱ የራሱ ሲም ገባበት። ታወሩ አልተለወጠም። በራሱ ሲም የደወለው ለእናቱ ነው።